ርካሽ ኢንቨርተር ይታገድ ወይስ ካርቶኑ ላይ እውነቱ ይጻፍ?

ጎህ፦ በመኪና ላይተር ሶኬት የሚሰካ፣ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር ትንሽ ኢንቨርተር አለኝ። ላፕቶፕና ስልክ ያለ ችግር ቻርጅ ያደርጋል። ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሚሰካውን የእጅ መብራቴን ግን በአንድ ሌሊት አቃጠለብኝ። ካርቶኑ ላይ «220 ቮልት» ከማለት በቀር ስለ ሞገዱ የተጻፈ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ዕቃ መሸጥ አለበት ትላላችሁ?

ደረቁ እውነት፦ ይሸጥ እንጂ! ቻርጀር መግቢያው ላይ አራት ዳዮድ አለው፣ ከዳዮዶቹ ኋላ ትልቅ ካፓሲተር አለ። ካፓሲተሩ እስከ ሞገዱ ጫፍ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በቀጥታ ኤሌክትሪክ ነው። የሚመጣው ሞገድ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን ለሱ ምኑም አይደለም። ላፕቶፕህ እየሠራ መብራትህ ከተቃጠለ ጥፋቱ የመብራቱ ነው።

እመ ሽቦ፦ ስለ ላፕቶፑና ስለ ስልኩ ያልከው ልክ ነው። የሳትከው ቻርጀርን ሁሉ በአንድ ከረጢት ስትከት ነው። ርካሽ የእጅ መብራት ውስጥ ትራንስፎርመርም የለም፣ አንተ የገለጽከው ዓይነት ሰርኪትም የለም። 220 ቮልቱን የሚገድበው ከመስመሩ ጋር በተከታታይ የተያያዘ አንድ ካፓሲተር ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ 400 ቮልት የሚልና 105 የሚል ቁጥር ያለበትን ታገኛለህ፤ 1 ማይክሮፋራድ ማለት ነው። ከጎኑ 100 ኦም የምታህል ሬዚስተር አለች እንበል።

ከግድግዳው ዝግ ብሎ የሚወጣና የሚወርደው የ50 ኸርዝ ሞገድ፣ ሳይን የሚባለው፣ ሲመጣበት ይህ ካፓሲተር እንደ 3,180 ኦም ይገድባል፤ 69 ሚሊአምፔር ገደማ ያሳልፋል። ሬዚስተሯ ላይ የሚወጣው ሙቀት ግማሽ ዋት ቢሆን ነው። ባለ 1 ዋት ከሆነች ዓመታት ትቆያለች።

ርካሽ ኢንቨርተር የሚያወጣው፣ ሞዲፋይድ ሳይን የሚባለው ግን ስሙ ነው እንጂ ሳይን አይደለም። ከዜሮ ድንገት ወደ 311 ቮልት ይዘላል፣ 5 ሚሊሰከንድ እዚያው ይቆያል፣ ድንገት ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ 5 ሚሊሰከንድ ያርፋል፣ ቀጥሎ ያንኑ በተቃራኒው አቅጣጫ ይደግማል። ካፓሲተር ዝግ ብሎ የሚለወጥን ቮልቴጅ ይገድባል፤ ዝላይን ግን ወለል አድርጎ ያሳልፋል። በዝላዩ ቅጽበት 311 ቮልቱ በሙሉ 100 ኦሟ ላይ ያርፋል፣ ከ3 አምፔር በላይ ይፈሳል። በሳይን ቢሆን ከፍተኛው 0.1 አምፔር አይሞላም ነበር።

ካፓሲተሩ በሞላና ባዶ በሆነ ቁጥር ሬዚስተሯ ላይ የሚቀረው ኃይል የካፓሲተሩ መጠን በቮልቱ ካሬ ተባዝቶ ግማሹ ነው፦ 0.048 ጁል። በአንድ ዙር 4 ዝላይ፣ በሰከንድ 50 ዙር፣ ስለዚህ በሰከንድ 200 ጊዜ። ሲደመር 9.7 ዋት ይሆናል። የ1 ዋት ሬዚስተር ላይ ማለት ነው!

ደረቁ እውነት፦ እሺ፣ ይህን ዓይነቱን አላሰብኩትም። ግን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሬዚስተሯን በ220 ኦም ቀይሮ ዝላዩን ማብረድ።

እመ ሽቦ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡን መልሰህ እየው፦ የሬዚስተሯ መጠን የትም አልገባበትም። ትልቅ ስታደርጋት አምፔሩ ያንሳል፣ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይፈሳል፤ ሙቀቱ ያው 9.7 ዋት ነው። 47 ኦምም ብትሆን እንደዚያው። የምትለውጠው የአንዱን ምት ቁመት እንጂ የሚባክነውን ኃይል አይደለም።

ደግሞ አንድ የማይታወቅ ነገር፦ ባትሪው ላይ የሚሞላው ኃይል በሁለቱም ሞገድ እኩል ነው፣ ጫፉ እኩል እስከሆነ ድረስ። ስለዚህ መብራቱ «በደንብ ቻርጅ እያደረገ» ይመስላል። ጠቋሚዋ መብራት በርታለች፣ ባትሪው ይሞላል፣ ውስጡ ግን ይጠበሳል። ጎህ፣ ያንተም አንድ ሌሊት የቆየው ለዚህ ይመስለኛል።

ቁጥር አይዋሽም፦ ይቅርታ እመ ሽቦ፣ 311 ቮልት ከየት መጣ? የኔን ኢንቨርተር በቴስተር ስለካው 172 ቮልት ነው የሚያሳየው። እኔ እንደማየው ችግሩ ቮልቱ ማነሱ ነው። ያነሰ ቮልት ዕቃ ያቃጥላል።

እመ ሽቦ፦ ቁጥሩ ባይዋሽም ቴስተሩ ይዋሻል። ርካሽ ቴስተር የሞገዱን አማካይ ይለካና «ይህ ሳይን ነው» ብሎ በማሰብ በ1.11 ያባዛል። 311 ቮልት ግማሹን ጊዜ ብቻ ቢቆም አማካዩ 155.5 ነው፤ በ1.11 ስታባዛው 172 ተኩል ይመጣል፣ ያገኘኸው ማለት ነው። የሞገዱ ቅርጽ ምንም ቢሆን ትክክለኛውን የሚለካ፣ ትሩ አርኤምኤስ የሚል ቴስተር ብታገናኝ 220 አካባቢ ታገኛለህ። እንደ ነገሩ ጥሩ ፈተና ሰጥተኸናል፦ ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው ሁለቱን ቴስተሮች በአንድ ጊዜ ሰክቶ ሰፊ ልዩነት ካየ ኢንቨርተሩ ሳይን አያወጣም።

ባለ ቫን፦ እናንተ ስለ ሞገድ ትጨቃጨቃላችሁ፣ የኔ ኢንቨርተር ግን የላይተሩን ፊውዝ ነው ያቃጠለው። 300 ዋት የሚል ነው፣ የሰካሁት የ90 ዋት ላፕቶፕና የ60 ዋት የካሜራ ባትሪ ቻርጀር ብቻ። እውነተኛ ሳይን የሚያወጣውን፣ ፒውር ሳይን የሚሉትን ብገዛ ፊውዙ ይተርፋል ማለት ነው?

ደረቁ እውነት፦ አይተርፍም ወንድሜ፣ ያንተ ነገር ሌላ ነው። 150 ዋት እንዲወጣ ኢንቨርተሩ ከ100 85 ያህሉን ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ከባትሪው 176 ዋት ይስባል። በ12 ቮልት ስታካፍለው 14.7 አምፔር። የላይተሩ ፊውዝ በብዙ መኪና 10 ወይም 15 አምፔር ነው፤ 10 ከሆነ ብዙ ሳይቆይ ይሄዳል፣ 15 ከሆነ ሞቆ ሞቆ ሊሄድ ይችላል። ፊውዙን በትልቅ እንዳትቀይረው፣ ሽቦው የተመረጠው በሱ ልክ ነው። ከ100 ዋት ከበለጠ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ሳብና ባትሪው አጠገብ የራሱን ፊውዝ ስጠው።

እመ ሽቦ፦ ይህን ያህል ልክ ስትሆን ደስ ይላል። እኔም አንድ ነገር ልጨምርበት። ከ75 ዋት በላይ የሆኑ የላፕቶፕ ቻርጀሮች ብዙዎቹ የሚስቡትን አምፔር በሞገዱ ቅርጽ ልክ የሚያስተካክል ሰርኪት አላቸው። ሞገዱ ደረጃ ሲሆንበት ይህ ሰርኪት ዝላዩን ሊከተል ይሞክራል፣ እናም ይጮኻል ወይም ከወትሮው ይበልጥ ይሞቃል። የ65 ዋቱ ዝም ብሎ ሲሠራ የ90 ዋቱ «ዝዝዝ» ቢል አትደነቁ።

ደረቁ እውነት፦ መጮኹን እቀበላለሁ። ዕድሜውን ያሳጥራል የሚለውን ግን አልቀበልም። በሞዲፋይድ ላይ ዓመታት የሠራ ስንት አለ።

እመ ሽቦ፦ ያሳጥራል አላልኩም። በእጅህ ዳሰው፤ ግድግዳ ላይ ሲሰካ ከሚሞቀው ጎልቶ ከበለጠ መግቢያው ላይ ያሉት ካፓሲተሮች እየተንገላቱ ነው። ካልበለጠ አንተ ትረታለህ።

ባለ አምፖል፦ ለእጅ መብራቱ መላ አለኝ። የድሮውን ባለ ክር አምፖል፣ 25 ዋት የሆነውን፣ ከመብራቱ ጋር በተከታታይ አያይዙት። ሙቀቱን አምፖሉ ይወስድና ሬዚስተሯ ትድናለች።

እመ ሽቦ፦ በሒሳብ ያስኬዳል። ሙቀቱ የሚከፋፈለው እንደ ኦማቸው መጠን ነው። ክሩ ሲሞቅ 1,000 ኦም አካባቢ ቢደርስ ሬዚስተሯ ላይ የሚቀረው ከ1 ዋት በታች ነው። ግን ጠረጴዛ ላይ ለመሞከር እንጂ መኪና ውስጥ የሚንቀጠቀጥ የመስታወት አምፖልና የተጋለጠ 220 ቮልት አልመክርም። የእጅ መብራቱም ራሱ ከመስመሩ ያልተለየ ነው፤ ሲሰካ ውስጡ ያለው ሁሉ ይይዛል።

ባለ አምፖል፦ ታዲያ ሰው ምን ያድርግ? ለአንድ መብራት ብሎ ፒውር ሳይን ይግዛ?

እመ ሽቦ፦ በዩኤስቢ የሚሞላ መብራት ይያዝ፣ ላፕቶፑንም ከ12 ቮልት በቀጥታ በሚሠራ የመኪና ቻርጀር ይሙላ። ኢንቨርተሩን ጭራሽ መዝለል ነው። እሱ ከሌለ ብቻ ትንሽ ፒውር ሳይን፣ 150 ዋት ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ። ባትሪው ላይ ያለው ቮልት ወደ 14.2 ይወጣል። የውስጡን ከፍተኛ ቮልት በማይቆጣጠር ኢንቨርተር ላይ ጫፉም አብሮ ይወጣል፣ ከ311 ወደ 368 ቮልት። ሙቀቱ በካሬ ስለሚያድግ 9.7 ዋቱ 13.5 ይሆናል፣ ካፓሲተሩም ከ400 ቮልት ወሰኑ ጥግ ይደርሳል። ሞተሩ ጠፍቶ የተረፈ መብራት ሞተሩ ሲነሳ ሊሄድ ይችላል።

ቁጥር አይዋሽም፦ እንግዲያውስ ይታገድ! ገዢው ይህን ሁሉ እንዴት ያውቃል?

ደረቁ እውነት፦ ለምን ይታገዳል? ለላፕቶፕና ለስልክ ከሠራ ርካሹን የሚፈልግ ይግዛው። መከልከል ካለበት ከመስመሩ ሳይለይ የሚሠራው መብራት ነው፤ እሱ ግድግዳ ላይም አደጋ ነው።

እመ ሽቦ፦ ስለ መብራቱ ከአንተ ጋር ነኝ። ስለ ኢንቨርተሩ ግን ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ሳይን አይደለም» ተብሎ ይጻፍ ባይ ነኝ። «ሞዲፋይድ ሳይን» የሚለው ገዢውን «ትንሽ የተሻሻለ ሳይን» የሚል ስሜት ይሰጠዋል፤ እሱ ራሱ ማታለል ነው።

ደረቁ እውነት፦ እና ያን ያነበበ ሰው የእጅ መብራቱ ውስጥ ምን እንዳለ እንዴት ይወቅ? ማስጠንቀቂያው መብራቱ ላይ ካልተጻፈ የኢንቨርተሩ ጽሑፍ ግማሽ ሥራ ነው።

ጎህ፦ መብራቱን ፈታሁት። ያላችሁት ቢጫ ካፓሲተር አለ፣ 105 ይላል። አጠገቡ ያለችው ሬዚስተር ከስላለች፣ ቀለሟም አይነበብም። ቀይሬ ልሞክር?

እመ ሽቦ፦ መጀመሪያ ከማንኛውም ሶኬት ይነቀል። ካፓሲተሩ ላይ በጎን የተያያዘች ትልቅ ኦም ያላት ሌላ ሬዚስተር ከሌለች ወይም ከተበጠሰች ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሁለቱን እግሮቹን በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንድ አገናኝ፣ ከዚያ በቴስተር ቀጥታ ቮልቱ ዜሮ መሆኑን እይ። ሬዚስተሯን በ100 ኦም፣ 1 ዋት፣ በማትቀጣጠል ዓይነት ተካት። ካፓሲተሩንም ከከሰለችው ሬዚስተር አጠገብ ስለነበረ ለካው፤ ከ0.9 ማይክሮፋራድ በታች ከሆነ ጣለው። ከዚያ ሞክረው፣ ግን ግድግዳ ላይ እንጂ ያ ኢንቨርተር ላይ አይደለም።