ሦስተኛው የኢሜይል ደንብ ለምን ተራ አይደርሰውም?

ጥያቄ፦ የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል የምከፍተው በተንደርበርድ ሲሆን ሦስት ደንቦች አሉኝ። የመጀመሪያው ከቅርንጫፎቻችን አድራሻ የሚመጣውን ሁሉ «ቅርንጫፍ» ወደሚባለው ፎልደር ያዛውራል፤ ሁለተኛው ከባንክ የሚመጣውን ወደ «ባንክ»፣ ሦስተኛው ደግሞ በርእሱ ላይ «ሂሳብ» የሚል ቃል ያለበትን ወደ «ሂሳብ» ያዛውራል። ሦስተኛው ከነጋዴዎች በሚመጣው ላይ ይሠራል፤ ከሸዋ ሮቢት ቅርንጫፍ በሚመጣው ላይ ግን አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም። በዚህ ምክንያት የሽንኩርት ሂሳብ ዘጠኝ ቀን ሳላየው ቆይቶ የገበሬዎቹ ክፍያ ዘገየ። ደንቡን ሦስት ጊዜ ሰርዤ እንደገና ጻፍሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። ስሕተቱ የት ላይ ነው?

መምህር፣ እነዋሪ

ችግሩ ከፊደሉ ይመስለኛል። እኛ ስናነብ «ሂሳብ» እና «ሒሳብ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን «ሂ» እና «ሒ» እንደ «በ» እና «ተ» የተለያዩ ናቸው። ደንቡ በሃሌታው «ሂ» ተጽፎ የሸዋ ሮቢት ጸሐፊ በሐመሩ «ሒ» የሚጽፉ ከሆነ ቃሉ በፍጹም አይገኝም። እኔ የተማሪዎችን ሥራ ስቀበል «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ብለው እየጻፉ ግማሹ ይቀርብኝ ስለነበር በደንቡ ውስጥ ሁለቱንም አጻጻፍ አስገብቼ ተገላግያለሁ። እርስዎም በሦስተኛው ደንብ ላይ ሁለተኛ መስመር ጨምረው `Match any of the following` የሚለውን ይምረጡ።

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ደብረ ሲና

እኔ ለሱቄ የምጠቀመው ጂሜይል ነው፤ ከሃያ የማያንሱ ደንቦች አሉኝ፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደተጻፈ ተጨንቄ አላውቅም። አንድ መልእክት ሦስት ደንብ ቢያሟላ ሦስቱም ይሠሩበታል፣ ሦስት ምልክትም ይለጠፍበታል። ስለዚህ ጉዳዩ የቅደም ተከተል አይመስለኝም፤ ምናልባት መልእክቱ ወደ ቆሻሻው ፎልደር እየገባ እንዳይሆን ይመልከቱ።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት

ደንቡን ሰርዘው እንደገና ሲጽፉት ይዘቱን እንጂ ቦታውን አልለወጡም። ተንደርበርድ አዲስ የደረሰውን መልእክት ይዞ ከላይኛው ደንብ ይጀምርና ወደ ታች አንድ በአንድ ይወርዳል፤ ነገር ግን ከደንቦቹ አንዱ መልእክቱን ወደ ሌላ ፎልደር ካዛወረው ወይም ከሰረዘው እዚያው ላይ ያቆማል፤ ከዚያ በታች ያሉት ደንቦች ያንን መልእክት አያዩትም። የሸዋ ሮቢት መልእክት ገና በአንደኛው ደንብ ከኢንቦክስ ይወጣል። ሦስተኛው ደንብ ተሳስቶ ሳይሆን ተራው ሳይደርስ ቀርቶ ነው፤ የነጋዴዎቹ መልእክት የሚደርሰው ግን አንደኛውም ሁለተኛውም ስለማይነኩት ነው።

የደብረ ሲናው ወንድሜ ስለ ጂሜይል የተናገሩት ትክክል ነው፤ እዚያ ምልክት መለጠፍ መልእክቱን ከሌላው ደንብ አይሰውረውም። የተንደርበርድ ፎልደር ግን ከዚያ ምልክት ጋር አንድ አይደለም፤ የተዛወረ ነገር ከነበረበት ቦታ ይጠፋል። የቆሻሻው ፎልደር ጉዳይም እዚህ አይነሣም፤ መልእክቶቹ የተገኙት «ቅርንጫፍ» ውስጥ ነውና።

መምህር ያነሡት የፊደል ነገርም ሊኖር ስለሚችል መገመቱን ትተው ይለዩት። `Message Filters` የሚለውን መስኮት ይክፈቱ፤ ሦስተኛውን ደንብ ብቻ ይምረጡ፤ ከታች ባለው የፎልደር መምረጫ «ቅርንጫፍ» የሚለውን መርጠው `Run Now` ይጫኑ። አስቀድመው ግን በደንቡ ውስጥ `Manually Run` የሚለው ምልክት እንደተደረገበት ያረጋግጡ። አሁን ከላዩ የሚቀድመው ደንብ የለም። መልእክቶቹ ወደ «ሂሳብ» ከሄዱ መስፈርቱ ትክክል ነበር፤ የቀረው ተራ ብቻ ነው። ባሉበት ከቀሩ ግን ቃሉ አልተገኘም ማለት ነው፤ ያኔ መምህር ትክክል ናቸው።

በዚያው መስኮት `Filter Log` የሚል አለ፤ አብረው ያብሩት። በየመልእክቱ የትኛው ደንብ እንደሠራና ወዴት እንዳዛወረው ይመዘግባል። ከዚህ በፊት የተደረገውን ግን አያሳይም፤ የሚመዘግበው ከበራበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ደግሞም የሚጽፈው የሠራውን ደንብ ብቻ ስለሆነ የሦስተኛው ስም መዝገቡ ውስጥ አለመኖሩ «ተራ አልደረሰውም» ወይም «ደርሶት አላሟላም» ከሚሉት የትኛው እንደሆነ ለይቶ አይነግርዎትም። ለዚህ ነው ከላይ ያለውን ፈተና ያስቀደምሁት።

የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

አመሰግናለሁ። «ቅርንጫፍ» ውስጥ የሂሳብ ጉዳይ የሆኑ አሥራ አንድ መልእክቶች ነበሩ። ሦስተኛውን ደንብ ብቻ ባስኬደው ዘጠኙ ወዲያው ወደ «ሂሳብ» ሄዱ፤ ሁለቱ ቀሩ። የቀሩትን ከፍቼ ባይ ሁለቱም ከእነዋሪ የመጡ የምስር ሂሳቦች ሲሆኑ ርእሳቸው የተጻፈው በሐመሩ «ሒ» ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አሁን ሦስተኛውን ደንብ `Move Up` እያልሁ ከሁሉም በላይ ላውጣው?

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት

ከማውጣትዎ በፊት ከላይ ሲሆን ማንን እንደሚጋርድ ያስቡ። ባንኩ የሚልክልዎት ርእስ «የሂሳብ መግለጫ» ዓይነት ከሆነ «ሂሳብ» የሚለው ቃል እዚያም ውስጥ አለ። ደንቡ «ሂሳብ» የሚለውን በማንኛውም ስፍራ ስለሚፈልግ የባንኩን መግለጫ ሁሉ ይወስደዋል፤ ያኔ ዛሬ በሦስተኛው ላይ የደረሰው ነገ በባንኩ ደንብ ላይ ይደርሳል። የሽንኩርቱን ሂሳብ አግኝተው የባንኩን መግለጫ ያጣሉ።

ጠባቡን ከሰፊው በላይ ማድረግ የተለመደ ምክር ነው፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ በሌላው ውስጥ ሲገኝ በትክክል ይሠራል። የእርስዎ ግን እንደዚያ አይደለም። «ቅርንጫፍ» በላኪው ይመርጣል፣ «ሂሳብ» በርእሱ ይመርጣል፤ የሚገናኙበት መሐል አለ፣ የማይገናኙበትም ወገን አለ። እንዲህ ሲሆን የትኛውም ቅደም ተከተል ሁለቱንም ፎልደር አይሞላም፤ አንድ መልእክት ተዛውሮ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነውና።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የሂሳቡን ደንብ ከሁሉም በላይ አወጣዋለሁ፤ ሥራውን ግን ከማዛወር ወደ `Tag Message` እለውጠዋለሁ፤ ሁለቱንም የፊደል አጻጻፍ በመስፈርቱ ውስጥ አስገባለሁ። ታግ መልእክቱን ከኢንቦክስ ስለማያወጣው ተንደርበርድ ወደሚቀጥለው ደንብ ይወርዳል፤ የሸዋ ሮቢቱ ታጉን ይዞ ወደ «ቅርንጫፍ»፣ የባንኩም ታጉን ይዞ ወደ «ባንክ» ይሄዳል። ከዚያ በታጉ የሚፈልግ `Saved Search` አንድ ጊዜ ሠርተው ቢያስቀምጡ የሂሳብ ጉዳይ ሁሉ የትም ፎልደር ቢሆን በአንድ ዝርዝር ይመጣልዎታል። ታጉን መጨረሻ ላይ ካደረጉት ግን ከማዛወሩ በታች ስለሚውል ተመልሰን ወደ መጀመሪያው ችግር እንገባለን።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከተዛወረ በኋላም ታጉን የማይዙ የመልእክት ሰርቨሮች አሉ። ለራስዎ አንድ የሙከራ መልእክት ልከው «ቅርንጫፍ» ውስጥ ታጉ መኖሩን ሳያዩ በሥራ ላይ አያውሉት። ካልያዘ `Copy Message To` የሚለውን ይጠቀሙ፤ ሁለት ቅጂ መኖሩ ቦታ ቢወስድም ሂሳብ ከመጥፋት ይሻላል።

የምንጣፍ ሥራ ማኅበር ጸሐፊ፣ መሐል ሜዳ

እኛ ዘንድ የደረሰው ለየት ይላል፤ ነገር ግን አንድ ሥር ያለው ስለሚመስለኝ እጽፈዋለሁ። የምንሠራው በአውትሉክ ነው። ከደንበኛ የሚመጣውን ትእዛዝ በቀለም የሚለይ ደንብ ከላይ ነበረን፤ የሚያዛውረው ነገር አልነበረም። ሆኖም ከሱ በታች ያለው ደንብ አልሠራ አለን። ብዙ ከደከምን በኋላ የላይኛው ደንብ ላይ `Stop processing more rules` የሚል ምልክት ተደርጎበት አገኘን። ማንም አላደረገው፤ ደንቡን ስንሠራ አብሮ የተመረጠ ነበር። ምልክቱን ስናነሣው የታችኛው በዚያው ቀን መሥራት ጀመረ። እንግዲህ ማዛወር ብቻ ሳይሆን ይህም ያስቆማል።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት

ጥሩ ተጨማሪ ነው። በተንደርበርድም `Stop Filter Execution` የሚባል አለ፤ ከእርስዎ ደንቦች በአንዱ ውስጥ ከገባ ታጉንም ቢሆን ያከሽፈዋል። አውትሉክ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ በሰርቨሩ ላይ የሚሠሩት ደንቦች በኮምፒዩተሩ ብቻ ከሚሠሩት ይቀድማሉ፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ከላይ የሚታየው ሁልጊዜ ቀዳሚ አይደለም።

የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

እንደተባለው አድርጌ ታጉ ተይዟል፤ የባንኩም የቅርንጫፉም በየፎልደሩ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ትናንት ከመሐል ሜዳ ቅርንጫፍ የመጣ የሱፍ ሂሳብ ያለ ታግ «ቅርንጫፍ» ውስጥ አገኘሁት። ርእሱ በሃሌታው «ሂ» ነው። መዝገቡ በርቶ ነበር፤ ስለዚህ መልእክት ግን አንድም መስመር አልተጻፈም።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት

መዝገቡ ዝም ካለ ያዛወረው የእርስዎ ተንደርበርድ አይደለም። ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው፣ በዚያው አድራሻ የተከፈተ ሌላ ኮምፒዩተር በመሥሪያ ቤታችሁ ካለና የድሮዎቹን ደንቦች ይዞ ከሆነ፣ ቀድሞ የበራው እሱ መልእክቱን ከእርስዎ በፊት አንሥቶታል። ሁለተኛው በራሱ በሰርቨሩ ላይ የተጻፈ ደንብ ነው፤ መልእክቱ ኢንቦክስ ሳይደርስ ስለሚዛወር የእርስዎ ደንቦች ከናካቴው አያዩትም። በዌብሜይሉ ቅንብር ውስጥ ይህን የመሰለ ነገር ካገኙ እሱ ነው፦

```
require ["fileinto"];
if header :contains "from" "mehalmeda@union.example" {
    fileinto "ቅርንጫፍ";
    stop;
}
```

የመጨረሻው `stop` በሰርቨሩ ላይ ያሉትን ቀጣይ ደንቦች ያስቆማል፤ የእርስዎን ታግ የሚያስቀረው ግን `fileinto` ነው። ስለዚህ `stop` የሚለውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም።

የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

በመጋዘን ክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ ይህ አድራሻ ተከፍቶ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ የዌብሜይሉን ቅንብር ያዘጋጁት ግን ከእኔ በፊት የነበሩት ሠራተኛ ናቸው። ሰኞ የመጋዘኑን ኮምፒዩተር ሙሉ ቀን አስዘግቼ ከመሐል ሜዳ አንድ መልእክት አስልካለሁ፤ ታጉን ይዞ ከመጣ ጥፋቱ የዚያ ኮምፒዩተር ነው፤ ካልያዘ የዌብሜይሉን የይለፍ ቃል እጠይቃለሁ።