የቀን ወጪን በደብተር መጻፍ፦ ወር ሲያልቅ ምኑን ነው የማየው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደሞዜ በየሁለት ሳምንቱ ይገባል፣ ወር ሳይሞላ ግን ያልቃል። ስልኬ ላይ ለመመዝገብ ሞክሬ ሳምንት አልቆየሁበትም። አሁን ደብተር ገዝቻለሁ። የምከፍለው በዴቢት ካርድና በጥሬ ገንዘብ ነው። በየቀኑ ምን ልጻፍ? ወር ሲያልቅ ከደመርኩ በኋላስ ምኑን ነው የማየው?

ከቶሮንቶ
ባንኩ ራሱ ይመዘግበው የለ እንዴ? ሁሉንም በካርድ ክፈዪና ወር ሲያልቅ ዝርዝሩን አውጥተሽ እዪው። ደብተር ምን ያደርጋል?

ከአትላንታ (ጡረታ የወጣሁ ሂሳብ ሠራተኛ)
የቶሮንቶው ወንድማችን ግማሹን ልክ ነው፤ ባንክ አይረሳም። ግን ከማሽን 100 ዶላር ስታወጪ «100 ወጣ» ብሎ ያቆማል። ምን ላይ እንደዋለ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ልጄ፣ አራት ነገር ይበቃሻል፦ ቀን፣ ምን፣ ለምን፣ ስንት። «ለምን» የሚለውን አትዝለዪው። «ሱቅ 86» ወር ሲያልቅ ምንም አይነግርሽም። «ሱቅ፣ የልደት ድግስ፣ 86» ግን ይናገራል። ማታ ማታ ጻፊ። ደረሰኝ አጠራቅሜ እሁድ እጽፋለሁ ካልሽ ደረሰኝ የሌለው ሁሉ ይረሳል።

ዋናው ነገር ግን ወሩ ከመጀመሩ በፊት ነው። ባንክ ያለሽንና ቦርሳሽ ውስጥ ያለውን ደምረሽ ገጹ ራስ ላይ ጻፊው። በዚያ ላይ የገባውን ደምሪ፣ መጨረሻ የቀረሽን ቀንሺ። የሚወጣው ቁጥር እውነተኛ ወጪሽ ነው። ደብተሩ ከዚያ ካነሰ ያልጻፍሽው አለ ማለት ነው።

ከዱባይ
እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ምግብና ቤት አልከፍልም፣ ስለዚህ ወጪ የለኝም ብዬ ነበር። ደብተር ስይዝ ግን የስልኩና የመላኪያው ክፍያ ብቻ ገጽ ሞላ። አሁን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መላኩን ትቼ በወር አንዴ እልካለሁ። እናቴ እጅ ስንት ብር እንደደረሰም አጠገቡ እጽፋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ወሩ አለቀ፣ እንዳላችሁት አደረግኩ። በ640 ዶላር ጀመርኩ። 1,480 ሁለት ጊዜ ገባ። ድምሩ 3,600። የቀረኝ 410፣ ስለዚህ የወጣው 3,190 ነው። ደብተሬ የሚለው ግን 2,945! 245 ዶላር የት ገባ? የባንኩን ዝርዝር አጠገቡ ዘርግቼ አንድ በአንድ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ቤንዚን ሦስት ጊዜ፣ 112። ፊልም የማይበትና ሌላም በራሱ የሚቆረጥ፣ 34። የቀረውን 99 እስካሁን አላገኘሁትም።

ከአትላንታ
ለመጀመሪያ ወር ጥሩ ነው። 99ኙ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ አትድከሚበት። «ያልታወቀ» ብለሽ ጻፊውና በሚቀጥለው ወር ማነሱን እዪ። አሁን ወደ «ለምን» ተመለሺ። ወደ አገር ቤት የላክሽውን ለብቻ ደምሪልኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ለእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት 150፣ ለለቅሶ 100፣ ለበዓል 80። 330 ሆነ። ግን ሁሉም ድንገተኛ ናቸው፣ በየወሩ የሚመጡ አይደሉም።

ከአትላንታ
ሦስት ወር ከጻፍሽ በኋላ እነዚህን ገጾች ጎን ለጎን አድርገሽ እዪ። ለቅሶው ሌላ ይሆናል፣ አንዱ ወር ላይ ሠርግ ይመጣል፣ ሌላው ላይ ሕክምና። ምክንያቱ ይለያያል እንጂ ድምሩ ብዙ አይራራቅም። እኔ 11 ዓመት «ድንገተኛ» እያልኩ ገንዘብ እልክ ነበር። እንደ ቤት ኪራይ የራሱን ቦታ ከሰጠሽው ስልክ ሲደወል አትደነግጪም፤ ለወገን መላኩም አይመርሽም።

ደሞ በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው በዓመት 26 ጊዜ ስለሆነ ሦስት ደሞዝ የሚገባባቸው ሁለት ወራት አሉሽ። በእነሱ ወራት የተረፈሽን አይተሽ ወጪዬ ቀነሰ እንዳትዪ።

ከዳላስ
እቁብስ? እኔ በወር 200 እጥላለሁ። ከእጅ ከወጣ ወጪ ነው፣ እንደ ዕድር።

ከአትላንታ
ዕድር ወጪ ነው። እቁብ ግን ተመልሶ ይመጣል። የቀረሽን ገንዘብ ስታስተያዪ ቁጠሪው፣ በስንት እንደኖርሽ ስታዪ ግን አውጪው። ዕጣው ሲደርስሽም 2,400 ገቢ አገኘሁ ብለሽ አትጻፊ።

ከዳላስ
እኔ እኮ በሁለተኛው ወር ወስጄ ለመኪና ከፈልኩበት። አሁን የምጥለው ቁጠባ ነው ወይስ ዕዳ?

ከቶሮንቶ
ዕዳ ነው እንጂ! ወስደሽ ጨርሰሻላ።

ከአትላንታ
መጀመሪያ የጣልሽው የሁለት ወሩ የራስሽ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የምትጥዪው ዕዳ ነው። ግን መኪናውን የወር ወጪ ውስጥ እንዴት እንደምትጽፊው እኔም ሁለት ሐሳብ አለኝ። ሌሎቻችሁ እንዴት ትጽፉታላችሁ?