የምዝገባ ፖርታሉ ከዶርም ዋይፋይ ብቻ አይከፍትም (ብሎክ 14)

ሰላም፣ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሰኞ ጀምሮ የምዝገባ ፖርታሉ በዶርም ዋይፋይ እምቢ ብሎኛል። ቴሌግራሙም ዩቲዩቡም በዚያው ዋይፋይ ይሠራል፤ ፖርታሉን ስከፍት ግን ነጭ ገጽ ላይ ሲሽከረከር ይቆይና ERR_CONNECTION_TIMED_OUT ይላል። በስልኬ ዳታ ወዲያው ይከፍታል፣ በላይብረሪ ዋይፋይም እንደዚያው። የይለፍ ቃል ችግር አይደለም፣ መግቢያው ገጽ ራሱ አይመጣማ።

ክሮምንም ፋየርፎክስንም ሞክሬያለሁ፣ ካሹን አጥፍቻለሁ፣ የሦስቱ የዶርም ጓደኞቼ ስልክ ላይም ያው ነው። ከዚያ nslookup ስሠራ ዶርምም ላይብረሪም 10.1.20.15 የሚል የውስጥ አድራሻ ሰጡኝ፣ በዳታ ግን የሚመጣው የውጭ አድራሻ ነው። የሚገርመው፣ የላፕቶፔን ዲኤንኤስ 8.8.8.8 ሳደርገው እዚሁ አልጋዬ ላይ ሆኜ ፖርታሉ ተከፈተ! ስለዚህ ሰርቨሩ ደህና ነው፣ የሚጠፋው ከዶርም ወደ ውስጥ አድራሻው የሚሄደው ብቻ ነው። እኔ በዚህ ዘዴ መመዝገብ እችላለሁ፤ የፎቁ ልጆች ግን ለምዝገባ ብለው ካርድ እየሞሉ ነው፣ ምዝገባው ደግሞ አርብ ይዘጋል።

ከዶርም ኔትወርክ ወደ 10.1.20.15 የሚወስደው መንገድ ፋየርዎሉ ላይ ተዘግቶ እንደሆነ ታዩልኛላችሁ?