ምድጃውን ልግዛው ወይስ ልከራየው? ስሌቱ ሁለት መልስ ሰጠኝ

ሰላም፣ ሂሳብ የምታውቁ እርዱኝ። ለዳቦ ቤቴ ምድጃ ፈልጌ ነው። በካሽ 1,000,000 ብር ይሸጣል። ከ5 ዓመት በኋላ፣ ከግብር ነፃ፣ 300,000 ብር ያወጣልኛል ብዬ ይዣለሁ። ኪራዩ በየዓመቱ መጀመሪያ 240,000 ብር ነው፣ ለ5 ዓመት። ሲያልቅ ምድጃው ይመለሳል።

ሁሉንም ወደ ዛሬ ዋጋ መለስኩት (የየዓመቱን ግብር ለጊዜው ትቼ)። በ15 በመቶ ሲሰላ ኪራዩ 925,000 ገደማ ነው። ያ 300,000 ደግሞ ዛሬ 149,000 ብቻ ስለሚያወጣ፣ ግዢው 851,000 ይሆናል። መግዛት ይሻላል ማለት ነው። በ22 በመቶ ግን ተገለበጠ! ኪራዩ 838,000፣ ግዢው 889,000።

15ቱ ባንክ የሚያበድረኝ ወለድ ነው። 22ቱ ዳቦ ቤቱ በገንዘቤ ላይ የሚያስገኝልኝ ትርፍ። በየትኛው ላስላ? የመሸጫ ዋጋውስ እርግጠኛ ስላልሆነ፣ ለእሱ ብቻ ከፍ ያለ መቶኛ መጠቀም ያስኬዳል?