ሪፖርቱን መልሼ ፐብሊሽ ሳደርገው ሊንኩ ተቀየረብኝ፣ ድረሱልኝ

የካዛንቺስ አካውንታንት፦ ወገን፣ ቶሎ! ፓወር ቢአይ ላይ ያለውን የሽያጭ ሪፖርት አስተካክዬ ፐብሊሽ አደረግኩት። አለቃዬ በድሮው ሊንክ ሲገቡ የሚያዩት ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ነው። አዲሱን ስልክላቸው ደግሞ ፈቃድ ጠይቁ ይላቸዋል። ለ14 ሰው አንድ በአንድ ነበር ያጋራሁት። ስብሰባው 9 ሰዓት ላይ ነው።

ሜክሲኮ፦ አዲሱን ሊንክ በቴሌግራም በትኚውና ተገላገዪ። ካልሆነ Publish to web አድርጊው፣ የፈቃድ ጣጣ የለበትም።

አራት ኪሎ፦ ኧረ እንዳታደርጊው! በሱ ከወጣ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ሳይገባ ሳይጠየቅ ያየዋል። የመሥሪያ ቤት ሽያጭ እኮ ነው።

ስታዲየም ዙሪያ፦ Update app ሳትዪ ቀርተሽ ነው። እኔም ሁሌ እረሳዋለሁ።

ዳታ ሠሪው፦ እሱ በአፕ ለሚያዩ ሰዎች ነው፤ እሷ ያጋራችው ሪፖርቱን ራሱን ነው። እህቴ፣ የፋይሉን ስም ነክተሽዋል?

የካዛንቺስ አካውንታንት፦ አዎ፣ እንዳይምታታብኝ ብዬ v2 ጨመርኩበት።

ዳታ ሠሪው፦ በቃ እሱ ነው። ሁለቱን ሊንክ አስተያዪ፤ ከ reports ቀጥሎ ያለው ኮድ ይለያያል።

```
.../reports/7c1e40b2-...   Sales
.../reports/e95a13d8-...   Sales_v2
```

አሁን ያለሽ ሁለት ሪፖርት ነው። ያጋራሽው ፈቃድ የታሰረው ከኮዱ ጋር ስለሆነ ወደ አዲሱ አልተከተለሽም። ፓወር ቢአይ የድሮውን በቦታው የሚተካው እዛው ወርክስፔስ ውስጥ ያንኑ ስም ሲያገኝ ነው። ፋይሉን ወደ `Sales.pbix` መልሺውና Publish በይ። Replace ልበል ወይ ብሎ ካልጠየቀሽ አቁሚ፣ ወይ ስሙ ወይ ወርክስፔሱ ልክ አይደለም ማለት ነው። ከጠየቀሽ ተኪው፤ ኮዱም ፈቃዱም እንደነበረ ይቆያል። በብሮውዘር ገብተሽ ያስተካከልሽው ነገር ካለ ግን ይደመሰሳል፣ መጀመሪያ ፋይሉ ላይ ድገሚው። ደግሞ አደራ፣ የድሮውን ሪፖርት እንዳታጠፊው። ካጠፋሽው በዛው ስም ብታወጪውም ኮዱ አዲስ ነው የሚሆነው፣ 14ቱንም እንደገና ልታጋሪ ነው።

ሜክሲኮ፦ የድሮውን አጥፍቶ ንጹሑን ማውጣት አይሻልም ነበር? እኔ እንደዛ ነው የማደርገው።

አራት ኪሎ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብበው።

ፒያሳ፦ እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ብቻ እንዲያይ ሮል ሠርቼ ነበር። ዴስክቶፑ ላይ የሮሉን ስም አሳምሬ ስተካው ሊንኩ አልተነካም፣ ሮሉ ውስጥ ያስገባኋቸው ሰዎች ግን ጠፉ። ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ነው ያወቅኩት። ሮል ካለሽ ስሙን አትንኪ።

የካዛንቺስ አካውንታንት፦ ሮል የለኝም። Replace ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩት! ኮዱ ያው 7c1e ነው። አለቃዬ ግን አሁንም የድሮውን ቁጥር ነው የማየው ይላሉ።

ዳታ ሠሪው፦ ገጹን ከጠዋት ጀምሮ ከፍተው ትተውት ከሆነ ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። ያም ካልሆነ የከፈቱት የትኛውን ሊንክ እንደሆነ ኮዱን አንብቢላቸው።