ኤክሰስን «ትርፍ» ብለን ጽፈን ደንበኛ «ትርፌን አምጡ» እያሉን ነው፤ ድረሱልኝ

ጠባሴ_08
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን አንድ የመድን ቅርንጫፍ ነው የምሠራው። የመኪና ደንበኞች ደብዳቤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይመለስ ተብሎ፣ ደንበኛው ከጉዳቱ ላይ ራሱ የሚከፍለውን ኤክሰስ «ትርፍ»፣ ኤክስክሉዥንን «ማግለያ»፣ ኢንደምኒቲን «ካሳ» ብዬ ላክሁት። ዛሬ ጠዋት አንድ የአይሱዙ ባለቤት ደብዳቤውን ይዘው መጡና «ትርፌን ሳልወስድ አልነሳም» ብለው ተቀምጠዋል። እስከ ምሳ ድረስ የታረመ ደብዳቤ ማውጣት አለብኝ። ምን ልበላቸው?

የጣርማበር_ጉም
ስጧቸዋ! በማኅተም አረጋግጣችሁ 😂

ሸኖ_ቅቤ
«ቅናሽ» በይው። ከሚከፈለው ላይ የሚቀነስ አይደል?

አሮጌ_ፋይል
«ቅናሽ» ካልሽ ደግሞ ነገ «አረቦኑን ቀንሱልኝ» ብለው ይመጣሉ። «ተቀናሽ» ይሻላል፣ እሱም ብቻውን አይበቃም፤ ከማን ኪስ እንደሚቀነስ አይናገርም። ክሌም ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደንበኛን የሚያስኮርፈው ብሩ ሳይሆን ያልጠበቀው ብር ነው። ስሙን ትተሽ ማን ምን እንደሚከፍል በግሥ ጻፊው። ውሉ ምን ይላል? ቁርጥ ነው ወይስ በመቶኛ?

ጠባሴ_08
ከጉዳቱ 10 በመቶ፣ ቢያንስ 5,000 ብር። የጋራዡ ፕሮፎርማ 86,000 ነው፤ ከዚያ ውስጥ 6,000ው ከግጭቱ በፊት ያለቀ ጎማ ነው።

መሐል_ሜዳ
የእናቴን መድኃኒት የጤና መድኑ አልሸፍንም አለ፤ እሱም ኤክሰስ ነው?

አሮጌ_ፋይል
@መሐል_ሜዳ አይደለም ልጄ፣ ያ ሌላ ነው። የጤና መድን ጽሕፈት ቤቱን ጠይቅ።
@ጠባሴ_08 ጎማው መጀመሪያ ይውጣ። ያለቀ ዕቃ በውሉ አይሸፈንምና 80,000 ይቀራል። የዚያ 10 በመቶ 8,000 ነው፤ ድርጅቱ 72,000 ይከፍላል። ከ86,000 ላይ 10 በመቶውን ቀድመሽ ብታነሺና ጎማውን ኋላ ብትቀንሺ 71,400 ይመጣል፤ ሰውዬው በማይሸፈን ጎማ ላይ ሳይቀር 600 ብር ተቀናሽ ከፈሉ ማለት ነው። እንዲህ ጻፊ፦
«መኪናዎ በደረሰበት የተሸፈነ ጉዳት ላይ 10 በመቶውን እርስዎ ይከፍላሉ፤ ይህ ከ5,000 ብር ካነሰ 5,000 ብር ይከፍላሉ። የቀረውን ድርጅቱ ይከፍላል።»
ጉዳቱ 30,000 ቢሆን 3,000 ሳይሆን 5,000 እንደሚከፍሉ በቁጥር አሳዪያቸው። ከ5,000 በታች ከሆነ ምንም አያገኙም፤ እሱንም አትደብቂው።

አይሱዙ_ነጂ
ምን አስተረጎማችሁ? ጋራዥ ውስጥ ኤክሰስ የማያውቅ ሾፌር የለም።

አሮጌ_ፋይል
ሾፌሩ ያውቃል፣ ደብዳቤው የሚላከው ግን ለባለቤቱ ነው። ቢሆንም ግማሹን ልክ ነህ፤ «ተቀናሽ (ኤክሰስ)» ብላ አንድ ጊዜ ታስቀምጠው።

እነዋሪ_ጠበቃ
«ካሳ»ን የሕጉ ቃል ስለሆነ አትጣይው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አንቀጽ 678፣ የዕቃ መድን የካሳ ውል እንደሆነና የሚከፈለው ዕቃው በአደጋው ዕለት ከነበረው ዋጋ እንደማይበልጥ ያዛል። ስለዚህ 1,500,000 ብር የተመዘገበ መኪና በዕለቱ 1,200,000 ቢያወጣና ሙሉ በሙሉ ቢወድም፣ ሒሳቡ የሚነሳው ከ1,200,000 ነው። በነገራችን ላይ የሕይወት መድን እንዲህ አይደለም፣ ምክንያቱም...

የጣርማበር_ጉም
ጠበቃው ጀመረ፤ ቡና አፍሉ።

ሸኖ_ቅቤ
እኛ ጋ ግን ካሳ የሚከፍለው የበደለ ነው። «ካሳዎን እንከፍላለን» ሲባሉ ድርጅቱ በደሉን ያመነ አይመስላቸውም?

እነዋሪ_ጠበቃ
ይመስላቸው ይሆናል። ቃሉን መቀየር ግን ከሕጉ ያርቃል።

አሮጌ_ፋይል
እኔ በደብዳቤ «የጉዳት ክፍያ» እል ነበር፣ በውሉ ላይ «ካሳ»። ጠበቆች እስካሁን ይቆጡኛል። ይልቅ ማግለያውን እዚህ ለጥፊው፣ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ጠባሴ_08
«ማግለያ፦ ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ከሌለው በስተቀር ድርጅቱ ክፍያ አይፈጽምም።»

አሮጌ_ፋይል
እህቴ፣ ይሄ እኮ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ብቻ እንከፍላለን ይላል! «በስተቀር»ና «አይፈጽምም» አንድ ላይ ሲገቡ ነገሩ ይገለበጣል። ርዕሱን «ድርጅቱ የማይከፍልባቸው ጉዳዮች» በይ፤ ከዚያ ሥር «ሾፌሩ ለመኪናው ዓይነት የሚሆን መንጃ ፈቃድ ከሌለው ድርጅቱ አይከፍልም»። አንድ ጉዳይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ አሉታ። «ማግለያ»ን ጣይው፤ የተገለሉት ራሳቸው ይመስላቸዋል።

አይሱዙ_ነጂ
ያን ደብዳቤ እንዳታጠፊው፣ ለረዳቴ አሳየዋለሁ 😂

ጠባሴ_08
አስተካክዬ አነበብሁላቸው። «ስምንት ሺውና ጎማው፣ አሥራ አራት ሺ ከኔ?» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ «ይሄንን ስፈርም ብትነግሩኝ ምን ነበረበት» ብለው ወጡ። «ካሳ»ው ላይ አለቃዬ ገና አልወሰነም። ሌሎቹ አርባ ደብዳቤዎች ግን ዓርብ ዕለት ወጥተዋል፤ እነሱን እንዴት ነው የምመልሳቸው?