ፌብሩዋሪ 29 የገዛሁት ላፕቶፕ ጋራንቲው ትናንት አልቋል ተባልኩ፣ ቶሎ መልሱልኝ

ጨለማ ስክሪን፦
ሰዎች አስቸኳይ ነው። ላፕቶፑን የገዛሁት ፌብሩዋሪ 29፣ 2024 ነው፣ የ1 ዓመት ጋራንቲ አለው። ዛሬ ፌብሩዋሪ 28፣ 2025 ጠዋት አልነሳ አለኝ። ስደውል «ሲስተሙ ትናንት 27 ላይ አብቅቷል ይላል» አሉኝ። እኔ የማውቀው እስከ ማርች 1 እንደሆነ ነው። ሊዘጉ ነው፣ ምን ልበላቸው?

ሳቅ በሳቅ፦
29 የሚመለሰው በ2028 አይደል? እስከዚያ ጋራንቲ አለህ፣ ተኛ 😂

ሶኬት፦
ቻርጀሩን ንቀል። ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝና መልሰህ ሰካው። የኔ በዚህ ተነስቷል።

አስተውል፦
መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ምድር ፀሐይን ለመዞር 365 ቀን ከሩብ ገደማ ይፈጅባታል፣ ለዚህ ነው በ4 ዓመት አንዴ ቀን የሚጨመረው። ሩብ ሙሉ ስላልሆነች ደግሞ 1900 ላይ አልተጨመረም፣ 2000 ላይ ተጨምሯል፣ 2100 ላይ አይጨመርም። ይህን ሳናውቅ ስለ ውል...

ሳቅ በሳቅ፦
ኧረ ሊዘጉ ነው እያለህ!

ቁጥር አይዋሽም፦
ሲስተሙ ትክክል ነው። ዓመት 365 ቀን ነው። የገዛህበትን ቀን አንድ ብለህ ቁጠር፣ 365ኛው ቀን 27 ላይ ይወድቃል። ቆጥሬዋለሁ።

ደረሰኝ ያዢ፦
ቆጠራህ ልክ ነው፣ ግን የምትቆጥረው ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱ «365 ቀን» ካለ አዎ፣ 27 ነው። «1 ዓመት» ካለ ግን የሚቆጠረው ከቀን ወደ ቀን ነው፣ በመሃል ስንት ቀን ቢኖር ግድ የለውም።

ጠያቂው፣ ማርች 1ን ተወው፣ እሱን ይዘህ ከሄድክ ትሸነፋለህ። አንተን የሚያድንህ 28 ነው። በሁለቱም መንገድ አስላው። የገዛህበት ቀን ይቆጠራል ካሉ፣ ከ29 የጀመረ ዓመት የሚያልቀው በሚቀጥለው ዓመት 29 ዋዜማ ላይ ነው፣ እሱም 28። አይቆጠርም ካሉ ደግሞ ማርች 1 ይጀምርና አሁንም 28 ላይ ያልቃል። በሌላ ቀን የገዛ ሰው ላይ ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ቀን ይለያያሉ፣ አንተ ላይ ግን አንድ ቦታ ገጠሙ። በአውሮፓ ኅብረትም የጊዜ አቆጣጠር ደንቡ ያው ነው፦ ያ ቀን በመጨረሻው ወር ውስጥ ከሌለ፣ ጊዜው የሚያልቀው በወሩ የመጨረሻ ቀን ነው። የሌላው አገር ሕግ ሊለይ ይችላል፣ የወረቀቱን ቃል ግን አስቀድመህ አንብብ።

ኮድ ጻፊ፦
27 ከየት እንደመጣ ልንገርህ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ሥራ ላይ ገጥሞኛል። ሲስተሙ አንድ ዓመት ይጨምርና አንድ ቀን ይቀንሳል፣ የመጨረሻውን የጋራንቲ ቀን ለማግኘት ማለት ነው። ለሌላው ቀን ሁሉ ይሠራል። 29 ላይ ግን ዓመቱን ሲጨምር 29 ስለሌለ ራሱ ወደ 28 ያወርደዋል፣ ከዚያ እንደገና ይቀንሳል።

```
LocalDate.of(2024, 2, 29).plusYears(1)
// 2025-02-28
LocalDate.of(2024, 2, 29).plusYears(1).minusDays(1)
// 2025-02-27
```

ማረጋገጥ ከፈለግክ አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው፦ «28 ላይ የገዛ ሰው መቼ ነው የሚያልቅበት?» እሱም 27 ከሆነ፣ ካንተ አንድ ቀን ቀድሞ ከገዛ ሰው ጋር እኩል አብቅቶብሃል ማለት ነው። አንድ ቀን ተበልቷል።

ጨለማ ስክሪን፦
እሺ ገባኝ። ግን ዛሬ ካልተቀበሉኝ ነገ በየትኛውም ስሌት አለቀ አይደል?

ደረሰኝ ያዢ፦
ለዚህ ነው አሁኑኑ ኢሜይል መላክ ያለብህ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ያሳወቅክበት ቀን ነው፣ የሚጠገንበት አይደለም። የደረሰኙን ፎቶ፣ ከሥሩ ያለውን የሴሪያል ቁጥር፣ አልነሳ ማለቱን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አያይዝ። «ዛሬ 28 አሳውቄያለሁ» ብለህ ጻፍ። በስልክ ያወራኸው ማስረጃ አይሆንህም። ወረቀቱ ግን «ዕቃው በጊዜው ውስጥ መድረስ አለበት» ካለ ኢሜይሉ ብቻውን አይበቃም፣ ይዘኸው ሩጥ።

ሶኬት፦
30 ሰከንዱን ሞከርከው?

እኔም ነበርኩበት፦
ማንም ያልጠየቀህ ነገር፦ ሱቅ ሄደህ ነው የገዛኸው ወይስ አምጥተውልህ? እኔ ፍሪጅ አዝዤ ደረሰኙ የከፈልኩበትን ቀን ነበር የያዘው፣ ጋራንቲው ግን ከተረከብኩበት ነው የሚጀምረው ይላል። ያንተም እንደዚያ ከሆነ ይሄ ሁሉ ክርክር አያስፈልግም።

ጨለማ ስክሪን፦
ኧረ አምጥተውልኝ ነው! የተረከብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። የመረከቢያውን ወረቀት ግን የት እንዳደረግኩት...

እኔም ነበርኩበት፦
ያደረሱልህ ሰዎች የላኩልህ የስልክ መልእክት ካለ እሱም ቀን አለው። እዚያ ፈልግ።

ቁጥር አይዋሽም፦
እኔ አሁንም 365 ነው የምለው።